ሁለተኛው ምት ሳይመታ

አምቦ አስረኛ ክፍል ሳለሁ የክርክር ክበባችን የመዝጊያ ተናጋሪ ነበርኩ። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ዓመት ባሰብኩ ቁጥር ፊቴን የት ላድርገው እላለሁ።

መዝጊያ ሦስት ደቂቃ ነው። አዲስ ማስረጃ ማምጣት አይፈቀድም። የመዝጊያ ተናጋሪ ሥራው ሁለቱ ወገኖች የት የት ላይ እንደተጋጩ ለይቶ ማውጣት፣ በእያንዳንዱ ግጭት ማን እንደረታ ለዳኞች ማሳየት፣ ከዚያ ቁርጥ ያለ ቃል ተናግሮ መቀመጥ ነው። ሰዓት ያዡ አንድ ደቂቃ ሲቀር ጠረጴዛውን አንዴ ይመታል፤ ሲያልቅ ሁለቴ። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር ሁሉ አይቆጠርም፤ ዳኞቹ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ያዩሃል። ስንቱ ጎበዝ ተናጋሪ ዋናውን ቃል አፉ ውስጥ እንደያዘ ተቀምጧል።

አሰልጣኛችን የአማርኛ መምህሩ ነበሩ። «የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድመህ በቃልህ ያዛት» ይሉኝ ነበር። «የመጀመሪያው ምት ሲመታ የትም ሁን የት፣ የያዝከውን ጥለህ ወደ እሷ ሂድ። ያልጨረስከው ነጥብ አያሳዝንህ።» ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ስንቴ እንዳለማመዱኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ በር ሲንኳኳ እንኳ ወሬዬን አቋርጬ መደምደም ጀምሬ ነበር። እህቶቼ ይስቁብኝ ነበር።

አብሮኝ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ፤ ከጌዶ ማዶ የመጣ የገበሬ ልጅ። አምቦ አክስቱ ቤት ሆኖ ነበር የሚማረው። ታላቅ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ በሬዎቹን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ፣ አባቱ «በቃህ፣ ናልኝ» እያሉ መላክ ጀምረዋል። ልጁ ደግሞ ትምህርት ነፍሱ ነው። አባቱ ገና አልቆረጡም ነበር፤ አንዱን ቀን ይምጣ፣ ሌላውን ቀን እስኪ ይጨርስ ይላሉ። እንግዲህ የወላጆች ቀን ሲደርስ የክርክሩ ርዕስ ተለጠፈ፦ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ የገበሬ ልጅ ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ወደ እርሻው ይመለስ? ጓደኛዬ እየሮጠ መጣ።

«አባቴን አስመጣዋለሁ» አለኝ። «አንተ ትናገርና ጉዳዩ ያልቃል።»

ማን የትኛውን ወገን እንደሚይዝ የሚታወቀው ግን በዕለቱ ጠዋት በዕጣ ነው። ወረቀቱን አነሳሁ፤ ለእኛ ቡድን የደረሰን «ይመለስ» ነው። አባትየው በዚያን ሰዓት ግቢ ገብተው ጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ ከሌሊቱ ጀምሮ መኪና ላይ ነበሩ። ጓደኛዬን ጠርቼ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣

«መዝጊያው ያንተ አይደል? ላላ አድርገዋ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ከልቤ ነበር። መንገዱንም አወጣሁ፤ የመጀመሪያው ምት ሲመታ እንዳልሰማ እሆናለሁ፣ ነጥብ ላይ እየተንዛዛሁ ሰዓቱ ያልቅብኛል፣ መደምደሚያዬ ሳይነገር ይቀራል። ማንም አያውቅብኝም። እንዲያውም ያዝኑልኛል።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። መፈክሩ ተባለ፣ ርዕሱ ተነበበ፣ የፊተኞቹ ተናጋሪዎች ተከራከሩ። አባትየው አማርኛ የገበያውን ያህል ይሰማሉ እንጂ የክርክር አማርኛ አይገባቸውም። ስለዚህ ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል በኦሮምኛ ጆሯቸው ላይ ይመልስላቸዋል። «ይቀጥል» የሚሉት ሲናገሩ አባትየውን አየኋቸው፤ በአዎንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ።

ተራዬ ደረሰ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ሆን ብዬ ጎተትኩት። ይኼኔ ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት ተጋጣሚዎቻችን አንዷ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ «ቃል አለቀበት!» አለችና ተሳሳቁ። አይ እኔ! ለካ የእኔ ቃል ኪዳን ይቺን ያህል ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

«የተጋጨነው ሦስት ቦታ ነው» አልኩ፣ ድምፄ ተለውጦ። «አንደኛ፣ ልጁ ሲማር ቤቱን ማን ይይዛል? ብለን ጠየቅን። ጎረቤት ያግዛል አሉን። ጎረቤቱ የራሱን ማሳ መቼ እንደሚያርስ ግን አልነገሩንም። ሁለተኛ፣ ማትሪክ ያለፈ አባቱን ይጦራል አሉ። እሺ፣ ይጡር። ያላለፈውስ? ብለን ጠየቅን። ሦስቱም ተናጋሪዎቻቸው ተነሱ፣ ሦስቱም ተቀመጡ፣ መልስ አላገኘንም።»

 ተሳሳቂዎቹ ሳቃቸውን ትተው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጠረጴዛው አንዴ ተመታ።

ይህቺን ነበር አልሰማ ልል የነበረው። አፌ ግን እኔን አልጠበቀኝም። ሦስተኛውን ነጥብ ጥዬ፣ እንደ ተለማመድኩት፣ ቀጥ ብዬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ።

«ዳኞች ሆይ፣ አባት ልጁ እስኪደርስለት ይጠብቅ ይሆናል። ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም። ልጁ ዛሬውኑ ይመለስ!»

ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ምት የተመታው ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጭብጨባው አዳራሹን ሲያናውጠው ዓይኔን ወደ አባትና ልጅ ወረወርኩ። ልጁ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ገና እየተረጎመ ነበር። አንዲት ቃል አልዘለለም፤ ይህን ከአባቱ ፊት አነበብኩ።

አሸነፍን። መምህሩ ትከሻዬን አቅፈው ግቢው ውስጥ ለወላጅ ሁሉ እያሳዩኝ ሳለ አባትየው ልጃቸውን አስከትለው መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ገላቶሚ» እያሉ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ልጁ መሬት መሬት እያየ ተረጎመልኝ።

«ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ አንተ ገላገልከኝ ይልሃል። ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ዕጣ ነው አባባ፣ ዕጣ ደርሶኝ ነው እንጂ እኔ እንኳ አላምንበትም ልላቸው ነበር። የመምህሩ ክንድ ግን ትከሻዬ ላይ ነው፤ ሰዉ ከቦ ያየኛል፤ እንዲህ ካልኩ ያ ሁሉ ጭብጨባ ምን ሊሆን ነው? ተውኩት። አባትየው ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተስ መቼ ነው የምትመለሰው? ይልሃል።»

አባቴ የገንዘብ ቤት ጸሐፊ ነው። በሬ የለን፣ ማሳ የለን። 

«እኔ… እኔ የገበሬ ልጅ አይደለሁም በላቸው» አልኩ።

ነገራቸው። ሽማግሌው አዩኝ፣ ጫማዬንም አዩት፣ ከዚያ እጄን ለቀቁና በቀስታ መለሱ።

«ልክ ነህ ይልሃል» አለኝ ጓደኛዬ።