ጋሽ ደበሌ ለጣሪያ ብሎ የጠየቀው ብር

የሐጂ ሸረፋ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቡታጅራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። እኔ ሳሌሃ እዚያ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ደመወዝ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የማን ኪስ መቼ እንደሚሳሳ ከሚስቶቻቸው ቀድሜ አውቃለሁ። ወሩ ሳይጋመስ «ሳሌሃዬ» እያለ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ነገር ገና ከበሩ ይገባኛል። ያን ጊዜ ፊቴን ቋጥሬ ነው የምቀበለው።

ጋሽ ደበሌ ግን ሳሌሃዬ ብሎኝ አያውቅም። የመጋዘናችን ጠባቂ ነው። ሶዶ ገጠር ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ መርካቶ ሸክም ተሸክሞ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ሐጂ ሱቁን በአንዲት ክፍል ሲጀምሩ የተቀጠረ እሱ ነው። ሲሚንቶ የሚያወርዱትን ጎረምሶች ሲቆጣ ድምፁ አስፋልት ድረስ ይሰማል፤ ከእኔ ጋር ሲያወራ ደግሞ ጎንበስ ብለው ካልሰሙት አይሰማም። ብድር የሚባል ነገር ጠይቆ አያውቅም። እንዲያውም ሌሎቹ ሲጠይቁ ያፍርላቸዋል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ማመልከቻ ነው። የቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ዘጠኝ ሺህ ብር ከደመወዙ ላይ በቅድሚያ እንዲሰጠው፣ እሱም በሦስት ወር ሦስት ሦስት ሺህ እያስቆረጠ እንደሚጨርስ ይላል።

«ጋሽ ደበሌ፣ በወር እጅህ ላይ የሚደርሰው አምስት ሺህ ብር ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ሦስቱን ከቆረጥኩ ሁለት ይቀራል። ዕቁብ ስትጥል፣ የሥጋ ማኅበሩን ስትከፍል ምን ይተርፍሃል? ንፋስ ልትበላ ነው?»

«እንደምንም እንሆናለን። የሰው ገንዘብ እጄ ላይ ሲቆይ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ተናደድኩ። እንደዚህ ያለ ኩራት ያበሳጨኛል፤ ሁለት ወር ይከፍሉና በሦስተኛው ከሌላ ሰው ተበድረው ይመጣሉ። ደግሞም ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማም ሕጉ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ መቁረጥ አይፈቅድም፤ እኔ ብፈልግስ የት አባቴ እቆርጠዋለሁ? ይህንኑ ነግሬው ማመልከቻውን ይዤ፣ እሱን አስከትዬ ወደ ሐጂ ገባሁ።

ሐጂ ሸረፋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ ሣቁ።

«አንተ ደበሌ! ቆርቆሮ እየጠበቅህ ቤትህ ያፈሳል? ምን ብር ያስፈልግሃል? ከመጋዘን ውሰድ፤ በገባበት ዋጋ ይያዝልሃል። ሚስማሩን እኔ እችላለሁ። አናጺውንም ዛሬውኑ እልክልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እኔ ደስ አለኝ። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጋሽ ደበሌን ሳየው ግን ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ኮፍያውን አውልቆ ያሻሸዋል።

«አናጺ... አናጺስ አይላኩ ሐጂ።»

«ለምን?»

«ጣሪያው አያፈስም።»

ሐጂ ሐሰት አይወዱም፤ አንዱን ሾፌር በትንሽ ውሸት ሲያሰናብቱት አይቻለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው አፈጠጡበት። ዕድሜውን ሙሉ የገነባውን ስም በአንድ ወረቀት ሊያጠፋው ነው ብዬ እዚያው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«የተናኘወርቅ ጥርስ ነው» አለ በመጨረሻ። አንገቱን ደፍቷል።

እትዬ ተናኘወርቅ ሚስቱ ናት። አልፎ አልፎ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ አውቃታለሁ፤ ስታወራ ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርግ፣ ሣቋን የምትውጥ ሴት ናት። እኔ ዓይን አፋር ትመስለኝ ነበር። ለካ የፊት ጥርሶቿ ረግፈው ነው።

ጋሽ ደበሌ ቀስ እያለ ነገረን። አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ያደገችው፣ ናዝሬት የምትባለው ልጃቸው ታጭታለች። ሽማግሌ የተቀበለው አጎትየው ነው። ለመስቀል ግን የእጮኛዋ ወላጆች ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ መጥተው የናዝሬትን እናትና አባት ሊተዋወቁ ነው። ተናኘወርቅ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልረጋላትም።

«እህቷን ለምናታለች» አለ። «በእኔ ቦታ ሁነሽ ተቀበያቸው፣ እኔ ጓዳ እሆናለሁ፣ ልጄ በእኔ አትፈር አለቻት። ሐጂ፣ እናቷ እኮ ናት! ጥርስ ሠሪውን ጠየቅሁት፣ ዘጠኝ ሺህ ነው። ለማንም እንዳትናገር ብላ አስምላኛለች፤ ይህን ደግሞ ማመልከቻ ላይ እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

ሐጂ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ጣታቸውን ወደ ጥርሳቸው ቀሰሩ።

«እነዚህ የእኔ ይመስሉሃል?»

ጋሽ ደበሌ ቀና አለ። እኔም አፍጥጬ ቀረሁ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አላወቅሁም።

«የላዮቹ በሙሉ ገዝቼ ያስገባኋቸው ናቸው። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ይለካሉ፣ ይሞክራሉ፣ ሲቆረቁር ተመልሶ ይሞረዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ። መስቀል ሲደርስ ብትሮጥ አይሆንም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሳሌሃ፣ ይህን የሦስት ወር ነገሩን ተይውና የሚከፈል አድርገሽ ሥሪው።»

እዚያው ተቀምጠን ሠራነው። ጋሽ ደበሌ ሁለት ሺህ ካልሆነ አለ፤ ከሲሶው እንደሚያልፍ ድጋሚ ነገርኩት። ሺህ ተስማማን፤ አራት ሺህ ለቤቱ ይቀራል። ነሐሴ ላይ አንድ ሺህ ይቆረጣል። መስከረም ላይ ደግሞ ጻፍኩ፤ ሐጂ ብዕሬን ያዙት።

«የመስከረም አይነካም። ጉራጌ በመስቀል እንግዳ እየጠበቀ ደመወዙ ይቆረጣል? ከጥቅምት ቀጥይ።»

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሺህ ሺህ፤ ግንቦት ላይ ያልቃል። ጭማሪ የለውም። ድንገት ሥራ ቢለቅ ቀሪው ከመጨረሻው ሒሳቡ እንደሚነሣ ጻፍንበት፤ እሱ ፈረመ፣ ሐጂ ፈረሙ፣ እኔ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብቻ ብዬ ሞላሁ። መሐላውን እንዳናፈርስበት ብዬ ነው።

የነሐሴን ደመወዝ ስከፍለው አራት ሺዋን ተቀብሎ «እንቅልፍ ይወስደኛል» አለኝ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ እኔን ሊያስለቅሰኝ ነው የሚኖረው።

በመስቀል ሐጂንም እኔንም ጠራን። ለእኛ ለሙስሊሞቹ ቆጮውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን በሌላ ዕቃ ለብቻ አሰናድተው ቆዩን። ቁጭ ከማለታችን የአዲስ አበባዎቹ መኪና ደጅ ቆመ። አንዲት ወርቅ ያደረጉ ትልቅ ሴት ቀድመው ገቡ። በሩ ላይ እትዬ ተናኘወርቅና እህቷ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ መልካቸውም አንድ ነው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዩ።

«የልጃችን እናት የቷ ናት?» አሉ።

እህትየው ወደ እህቷ ዞረች። እትዬ ተናኘወርቅ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ እጆቿን ለእቅፍ ዘረጋች።

«እኔ ነኝ» አለች እየሣቀች።