ፊቷን ብቻ

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ውስጥ ያለው የእርዳታ ድርጅት የቀጠረኝ ፊት እንድደብቅ ነው። ታሪካቸውን የሚነግሩን ሰዎች መታወቅ አይፈልጉም፤ ድርጅቱ ደግሞ ፎቶ ይፈልጋል። ድሮ ፊታቸውን እናደበዝዝ ነበር። የደበዘዘ ፊት ለጋሾችን የተያዘ ወንጀለኛ ይመስላቸዋል ተባለና አሁን በኮምፒውተር የሌላ ሰው ፊት እንተካለን። የሌላ ሰው ስል የማንም ያልሆነ ማለቴ ነው፤ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፊት።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ፎቶ ቤት ስሠራ ጀምሮ ብቻዬን እየሞከርኩ፣ እያበላሸሁ የተማርኩት ነው። በዚህም እኮራ ነበር። ልጆቼን ቁጭ አድርጌ፣ ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ከሠራ ማንንም አይጎዳም እያልኩ እመክራቸው ነበር። አሁን ይህን አልላቸውም።

ይህን ያስተወኝ የአንዲት ልጅ ፎቶ ነው። ልጅቷ ኪሌሌሽዋ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር በአንዲት ያገራችን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። አስገድዶ ካገባት ሰው አምልጣ ነው ናይሮቢ የገባችው። ሰውየው አሁንም ይፈልጋታል። ታሪኳን ለመናገር የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ እንዳያውቃት። ፎቶ አንሺው ያገርሽን ልብስ ለብሰሽ ነይ ብሏት፣ ካገር ስትወጣ ይዛው የመጣችውን እናቷ የጠለፉላትን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ጸጉሯን በሰፈሯ ደንብ ተሠርታዋለች፤ ግንባሯ ላይ ቀጭን፣ ከጆሮዋ ኋላ ወፍሮ የሚጠመዘዝ ሹሩባ።

የተሰጠኝ ትእዛዝ ግልጽ ነበር። ፊት ይቀየር፣ ጸጉርና ልብስ እንዳለ ይቆይ። እንዲህ ያለውን ሥራ የምጀምረው ማስክ በመሳል ነው። ነጭ የቀባሁትን ኮምፒውተሩ አዲስ አድርጎ ይሞላዋል፣ ጥቁር የተውኩትን አይነካም። ከግንባሯ የጸጉር መነሻ እስከ አገጯ ነጭ ቀባሁ፤ ጆሮዋን፣ ሹሩባዋንና አንገቷን ተውኩ። አዲሱ ቆዳ ከድሮው ጋር ሲገናኝ ስፌት እንዳይታይ ጠርዙን አለሰለስኩት። የለውጡን መጠን ዝቅ ሳደርገው የራሷ ዓይን ከሥር ብቅ ይላል፤ ከፍ ሳደርገው ብርሃኑ ከአንገቷ ጋር አይገጥምም። ደጋግሜ ሞክሬ አንዱ ተሳካ። በመጨረሻም ከማስኩ ውጭ ያለው አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳይለወጥ፣ ዋናውን ፎቶ መልሼ ደረብኩበት። የጥልፉ ክር እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ፎቶው ከመውጣቱ በፊት ባለታሪኩ አይቶ ይሁን ማለት አለበት፤ ደንባችን ነው። መጥታ አየችው፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ቆንጆ አደረጓት፣ ጋሼ» አለችኝ። «እኔ እንኳ አላውቃትም።»

እኔም ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ ፎቶውን ስልኬ ላይ ለባለቤቴ አሳየኋት። መሃል ከተማ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ስለ ልጅቷ ምንም አልነገርኳትም። ፊቷ ሰው ሠራሽ መሆኑ ይታወቃት እንደሆነ ለማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ፎቶው ላይ የልጅቷን ደረት በጣቶቿ አጉልታ ጥልፉን ትከተል ጀመር።

«ፊቷ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ፊቷን አላየሁትም» አለች። «ይሄ የእጅ ጥልፍ ነው፣ የስፌት መኪና አይደለም። ጥልፉን እንዲህ ከወገቡ ላይ የምትሰብረው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የእጅ ጥልፍ እንደ ድምፅ ነው፤ አገሯ ቢያሳዩት የማን እጅ እንደሆነ ይነግሩሃል። የማን ልጅ ናት?»

ነገሩን ነገርኳት። ሴት ልጄ እዚሁ ያደገች ናት፤ ከሶፋው ላይ ሆና ሰምታን ኖሮ፣ «ሶ ዳዲ፣ የቀየርከው ማንም የማያየውን ነው ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እናቷን ስታያት ሳቋን አቆመች።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ኬንያዊ ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው በስዋሂሊ ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ይለኛል። በቀላል ልብስ እንደገና እናንሳት አልኩት። ፎቶ አንሺው ከአገር ወጥቷል፣ ጽሑፉም ከሰዓት ይወጣል አለኝ። እንግዲያው ማስኩን ላስፋው አልኩና ጸጉሯንም ቀሚሷንም ነጭ ቀብቼ ሞላሁት። ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ነገር ዝም ብሎ አይተወውም፤ ይፈጥራል። መነሻቸው የማይታወቅ፣ መሃል ላይ እርስ በርስ የሚቀልጡ ሹሩባዎች ሠራ። ጥልፉን የማንም ያልሆነ፣ ከሩቅ ፊደል የሚመስል ከቅርብ ምንም ያልሆነ ነገር አደረገው። ለእሷ ደኅንነት የሚበጀው ይህ ነው ብዬ ለአለቃዬ አሳየሁት።

እሱም አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ምዜ፣ ይቺ የየትም አገር ሴት አይደለችም። ፎቶው እኮ ልብሷ ነው። ቃል የገባንላት ፊቷን እንድንለውጥ ነው፤ ለውጠናል። ራሷም አይታ ይሁን ብላለች።»

የመጨረሻው እውነት ነበር። ይሁን ስትል ግን የተለወጠውን እንጂ የቀረውን ማንም አላሳያትም፤ እኔም አላየሁትም ነበር። ልደውልላት ሞከርኩ። በሥራ ሰዓት አሠሪዋ ስልክ አታስይዛትም። መልሳ ስትደውል የመጀመሪያው ፎቶ ወጥቷል።

«ፊቴ የለም አይደል?» አለችኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። ስለ ቀሚሱ ስነግራት፣ እሱ ኢንተርኔት አያይም አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የነገረች ይመስል ነበር።

እሱ ላያይ ይችላል፤ ሰፈሩ ግን ያያል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው ልጄ ናት። ፎቶውን ሌሎች ቀድተው አሰራጭተውታል፤ ከሥሩ አንድ ሰው «ፊቷ ሌላ ነው፣ ቀሚሱ ግን የእኛ ሰፈር ልጅ ቀሚስ ነው። የት ነው ያለችው?» ብሎ ጽፏል። ሌላው ናይሮቢ ብሎ መልሶለታል። ስልኩን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። የዚያኑ ዕለት አወረደው፣ ክፉ ሰው አይደለም። የእኛን ነው ማውረድ የቻለው። የሌሎቹ እስካሁን አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። ሰውየው እናቷ ቤት ሄዶ ፎቶውን አሳይቷቸዋል። እናቷ ልጄ አይደለችም ብለው ማሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ግን የጠለፉት እሳቸው መሆናቸውን ያውቃል። ሰውየው ወደ ናይሮቢ የሚያሻግረው ሰው እያፈላለገ ነው። የኪሌሌሽዋዋ አሠሪዋም ነገሩን ስትሰማ ቤቴ ላይ ጣጣ አታምጪብኝ ብላ አሰናበተቻት። ለድርጅቱ ነግሬ መጠለያ አፈልግልሻለሁ አልኳት።

«ጋሼ፣ ፊቴን ደበቃችሁ፣ የእናቴን እጅ ረሳችሁ» አለች። አላለቀሰችም። «ቀሚሱን ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ መጠለያ ተገኘ። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነበር። የኪሌሌሽዋዋን ሴትዮ ሄጄ ጠየቅኋት፤ በር ላይ ቆማ አላውቅም አለችኝ። ዛሬም እደውላለሁ፣ ዝግ ነው። የት እንዳለች የሚያውቅ አላገኘሁም። እሱ እንዳላገኛት የሚነግረኝም የለም።

ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ። ማስኩን አሁን ሰፋ አድርጌ እቀባለሁ፤ አለቃዬም መልሶ ያጠብበዋል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ልብስ ልታሠራ ባለቤቴ ሱቅ ገባች። ስልኳን ከፍታ፣ እንዲህ ያለ ጥልፍ ነው የምፈልገው አለቻት። ያ ፎቶ ነበር። እኔ ከኋላ ዕቃ እደረድር ነበርና በባለቤቴ ትከሻ ላይ አየሁት። የሠራሁት ፊት እንደዚያው ፈገግ ብሏል፣ ብርሃኑ ከአንገቷ ጋር ገጥሟል፣ ስፌቱ የትም አይታይም።

ባለቤቴ ይህን የሚጠልፍ ሰው የለንም ብላ መለሰቻት።