ለእትዬ ዘይነባ የተጻፈ ምስጋና

ከሶዶ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ ደጃፍ ድረስ ሸኝታኝ በሩን ይዛ ቀረች፤ አላለቀሰችም። እኔም እንዳላለቅስ ዳሞታ ተራራን ፈለግሁ፣ ግን ጭጋግ ሸፍኖት አይታይም ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ሱቅ ተከፍቷል። በዚያ ሰዓት ከፍታ አታውቅም። ቤተሰቧ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ የከተመ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ወላይትኛን ከእኛ እኩል የምታቀላጥፍ ሴት ናት። ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና፣

«መርክነህ፣ ወደ ኋላ እያየህ አትሂድ፤ ትወድቃለህ» አለችኝ። «እናትህ ጎረቤቴ ናት።»

በቃ፣ ይሄን ብቻ ነው ያለችኝ።

መንገዱን እናንተም የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበትም ባታውቁት ይሻላል። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ስሙን እንኳ ያልጠየቅሁት ጫካ፣ መጨረሻ ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን። ሙቀቱ አርባ ምንጭን ያስንቃል፣ አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጠመጠምባችኋል። ግን ገበያ ወጥቼ የእኛን የሥር ምግብ፣ ቦዬን አየሁ! «ማዱምቤ» ይሉታል። ቅርፊቱ፣ ጭቃው ሳይቀር የእኛው ቦዬ ነው። ቀቅዬ ስበላ ግን የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ዳጣ የለም፤ ዳጣ የሌለው ቦዬ ደግሞ ምን ቦዬ ነው?

የስደተኞች ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ።

«ዳና፤ የአባቴ ስም ነው» አልኳት።

«የአባትህን አይደለም፤ ያንተን የቤተሰብ ስም።»

«የእኔ መርክነህ ነው።»

«ታዲያ ዳና የሚባለው ማነው?»

«ሞቷል።»

ቀና ብላ አየችኝና ዳና ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ወረፋ በደረሰ ቁጥር የሚጠሩት አባቴን ነው። ሶዶን እንኳ ለቆ የማያውቅ ሰው ደርባን ቢሮ ውስጥ «ሚስተር ዳና!» ይባላል፤ እኔ እነሳለታለሁ።

የምኖረው ከመምህር ጳውሎስ ጋር ነው። የዚያው የወላይታ፣ የበዴሳ ሰው ነው፤ አገር ቤት አማርኛ ያስተምር ነበር። እዚህ ሁለታችንም ብርድ ልብስ ተሸክመን ቤት ለቤት እንሸጣለን። እሱ ግን መምህርነቱን አልተወም፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ እንኳ ስሕተቱን ሳያርም አይጥለውም።

በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ይሄን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያስታመመቻት እትዬ ዘይነባ ናት። አንድ ቀን ይሄን ለአከራያችን ለማማ ኖምሳ ነገርኳት።

«ሴትዮዋ ዘመዳችሁ ናት?»

«አይደለችም። ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም።»

«ትከፍላታለህ?»

«ብከፍላት እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች።»

ማማ ኖምሳ ወገቧን ይዛ፣ «የእኔን ኪራይ ስታዘገይ እንኳ ቆንጆ ቆንጆ ቃል ትደረድራለህ። ለእሷ ምን አልካት?» አለችኝ።

ምንም አላልኳትም። በስልክ ምስጋና ስጀምር «ተወኝ እባክህ፣ እናትህን ልስጥህ» ብላ ስልኩን ታቀብላለች። ስለዚህ ልጽፍላት ወሰንኩ። ልጇ ሀያት በስልኳ ተቀብላ ታነብላታለች። መጀመሪያ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለተከበሩ ወ/ሮ ዘይነባ፦ ለእናቴ ስላደረጉላት ድጋፍና እንክብካቤ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ መልካም ትብብርዎ በድጋሚ አመሰግናለሁ።»

መምህር ጳውሎስ አነበበና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ማኅተሙን። ይሄ ለቀበሌ አይደል የሚላከው?»

«አክብሬ ነው የጻፍኩት።»

«ፊት ለፊት ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

«እትዬ ዘይነባ፣ አንቺ።»

«ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆነችው? ትብብር የሚባለው መንገድ ሲሠራ ነው። ስሟን አውጥተህ የሌላ ሰው ስም ብታገባበት ምኑም አይለወጥም። በዚያ ላይ "በድጋሚ አመሰግናለሁ" ብለህ በሩን ዘጋህባት። ቀዝቃዛ ነው።»

ተናደድኩ። ቀዝቃዛ አልከኝ? ቆይ! አልኩና ቁጭ ብዬ ልቤን ገለበጥኩት፦

«የእናቴ እናት፣ የምድር መልአክ እትዬ ዘይነባ! አንቺ ባትኖሪ እናቴ ዛሬ አፈር ለብሳ ነበር። እኔ ከንቱ ልጅ በሰው አገር ሌት ተቀን እንባ አፈሳለሁ። ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ? እስክሞት ባሪያሽ ነኝ!»

ስጽፍ እውነትም እንባዬ መጥቶ ነበር። መምህር ጳውሎስም ሲያነብ ፊቱ ከበደ፤ አሸነፍኩት ብዬ ደስ አለኝ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም!»

«ሀያት ጮክ ብላ ስታነበው እናትህ የት ነው የምትቀመጠው?»

«እዚያው፣ አጠገባቸው።»

«እንግዲህ እየሰማች ቀበርካት። እትዬ ዘይነባስ? ምስጋና ልትቀበል ቁጭ ብላ አንተን ልታባብል ነው። ስለ እንባህ ብዙ አወቅሁ፤ ሴትዮዋ ግን ምን እንዳደረገች እስካሁን አላወቅሁም። ምን አደረገች?»

«አስታመመቻት።»

«እንዴት አድርጋ?»

ለካ እኔም አላውቅም።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ሕመሟ ስጠይቃት ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የምትለኝ። ስለ ዘይነባ ስጠይቃት ግን አፏ ተፈታ። ጸጉሯን ታጥብላት ነበር። ለጾሟ ቅቤና ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻው ገዝታ፣ ማንም እንዳይሳሳት እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። እናቴ መራመድ ስትጀምር በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳትና ቅዳሴ እስኪያልቅ ግንቡ ሥር ነጠላ ጫማዋን ይዛ ትጠብቃታለች። «አላፊ አግዳሚው ምን ትሠሪያለሽ ሲላት፣ ጫማ እጠብቃለሁ ትላለች» ብላ እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሦስተኛውን ጻፍኩ፦

«እትዬ ዘይነባ፣ እንደምን አለሽ? እናቴ የተኛች ጊዜ ጸጉሯን ታጥቢላት እንደነበር ነገረችኝ። ስለ ጾም ድስቷ፣ እጀታው ላይ ስላሰርሽው ቀይ ጨርቅም ሰማሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማዋን ይዘሽ ቆመሽ እንደምትጠብቂያትም ሰማሁ። ማንም አላዘዘሽም። እዚህ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንቺ እዚያ ስላለሽ ነው። ይሄን የጻፍኩት ውለታሽን ለመክፈል አይደለም፤ ማወቄን እንድታውቂ ነው። ምስጋናዬን በቃላት መግለጽ አልችልም። ጋላታይስ።»

መምህር ጳውሎስ ሁለት ጊዜ አነበበው። እስክሪብቶውን አንስቶ «በቃላት መግለጽ አልችልም» የሚለውን ሰረዘው።

«ለምን?»

«ገለጽከው እኮ።»

በወላይትኛ «አመሰግናለሁ» ብዬ የጻፍኩትን የመጨረሻውን ቃል ግን አልነካውም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔም በዴሳ ያላመሰገንኳት አንዲት ሴት አለችኝ፤ የአክስቴ ልጅ ናት» አለና ባዶ ወረቀት ከደብተሬ ቀደደ።

መልእክቱን ላክሁ። ያን ቀን መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም የለም። አስቀየምኳት ይሆን እያልኩ ብርድ ልብሱን ተሸክሜ የተሳሳተ በር ሳንኳኳ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ራሷ ነበረች፤ ደውላልኝ አታውቅም።

«ጨርቁ ቀይ አይደለም» አለችኝ፣ ያለ ሰላምታ። «ብርቱካናማ ነው። እናትህ ዓይኗ ደክሟል፣ ሐኪም ላሳያት ነው።»

«እሺ እትዬ።»

«ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ባለፈው ታይፎይድ ሲጥለኝ ሱቁን ማን ጠበቀልኝ? እናትህ አይደለችም? ዱላዋን ይዛ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ፣ ዱቤ የሚጠይቀውን ሁሉ አባረረችብኝ! ይሄንንም ጻፍ።»

«እጽፋለሁ።»

ከኋላዋ የሚኒባስ ረዳት «አረካ! አረካ!» እያለ ሲጠራ ይሰማኛል።

«ሀያትን አራት ጊዜ አስነበብኳት» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ስልኳን ደብቄዋለሁ፤ እናትህ ለጎረቤት ሁሉ ልታስነብብ ነው።» ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና እንዳልወጣ፣ የምጠራውም በአባቴ ስም እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«እትዬ...»

«ቆይ፣ እናትህ መጣች። ያለ ዱላ ናት። አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ! ልጅሽ ነው፣ አይሄድም!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ የእናቴን እርምጃ አዳመጥሁ፤ አንዱ ጫማ ከሌላው ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ግን ይመጣል፣ ይመጣል።