ቃጠሎውን ሁለት ጊዜ ስጽፈው

ሮቤ ውስጥ ሰው ሲሞት በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ሌላ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቴ ባለሱቁ በቁሙ «ታሪኬን ጻፍልኝ» ሲለኝ ጠረጠርኩ፤ ሐኪም የነገረው ነገር አለ ብዬ ፊቱን አጠናሁት።

ነገሩ ሌላ ነበር። ልጁ ከአዳማ ሊመጣ ነው፤ ሱቁን ይረከባል ወይም ይሸጣል። «እኔ ስናገር ይከራከረኛል» አለ። «ካነበበ ግን ዝም ይላል።»

እንደለመደብኝ ጻፍኩ። «ሱቁ በእሳት ወደመ። ንብረቱን አጥቶ፣ በተረፉት ሦስት ጆንያ ስኳር ብቻ፣ በሰው በረንዳ ላይ ከዜሮ ለመጀመር ተገደደ።»

አነበብኩለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀበርከኝ እኮ። ይኼን ካነበበ ነገውኑ ይሸጠዋል።»

«እሳቱን ላውጣው?»

«ወላሂ፣ እንዳትነካው። ልጁ እዚያው ነበር። አንድ ውሸት ካገኘ አበቃልኝ።»

ቤቴ ገብቼ «ወደመ»ን፣ «ብቻ»ን፣ «ተገደደ»ን አባረርኳቸው። ለካ ሰውን ሁሉ ሳይሞት ሬሳ የሚያደርገው የእኔው ብዕር ኖሯል። አዲሱ እንዲህ ሆነ፦ «ሱቁ ተቃጠለ። ሦስት ጆንያ ስኳር ከእሳቱ አተረፈ። ጎረቤት በረንዳው ላይ ተቀበለው፤ እዚያው ሥራውን እንደገና ጀመረ።»

ባለሱቁ ደጋግሞ አስነበበኝ፤ እንደ ነጋዴ ጣቱን እያጠፈ። «እሳቱ አለ። ስኳሩም አለ። በረንዳውም አለ። ታዲያ ለምን ቀለለኝ? ምን ደበቅክብኝ?»

«ምንም። የቀየርኩት ቃሉን ነው።»

እንደ ሌባ አየኝ።

ልጁ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አነበበ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ አባቱን አየ።

«ጋሼ፣ አባባ ነው እንዲህ ያስጻፈዎት?»

«ውሸት አለበት?»

«እሳቱ ልክ ነው። ስኳሩንም የተሸከምነው እኔና እማማ ነን። ግን ‹ተቀበለው›? የበረንዳው ባለቤት ሁለት ጊዜ ውሃ ደፍቶብናል።»

አባትየው ጣራውን ማየት ጀመረ። እኔ አፈርኩ፤ ስንቱን ተማሪ ለተሳሳተ ቃል ስቀጣ ኖሬ እኔው ተያዝኩ። ሌሎቹ ቃላት ስለ ሆነው ነገር ያለንን ስሜት ብቻ ነበር የቀየሩት። ይኼኛው ግን ያልሆነ ደግነት ጨምሯል።

እስክሪብቶ አውጥቼ ሰረዝኩት። «በጎረቤት በረንዳ ላይ ሥራውን እንደገና ጀመረ» አልኩ። «ውሃውንስ ልጻፈው?»

«ይጻፉት እንጂ። ውሃ ደፋብን፤ ስኳሩን በላስቲክ ሸፍነን ሸጥን።»

እንዳለው ጻፍኩት። አነበበው፣ አሁንም በጥርጣሬ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሱቁን እስከ ረመዳን ልሞክረው» አለ። «ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም፣ አባባ።»