የዘውዱ ቁጥር

ብዙነሽ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ አጠገብ፣ ልብሰ ተክህኖ እየሰፋች ትሸጣለች። ሱቁን የከፈተችው ከባሏ ከዘውዱ ጋር ነው። እሱ በፍልሰታ ጾም ከሞተ ወዲህ ገበያው ጭር ብሏል። ይህ ጥምቀት ያለ ትእዛዝ ካለፈ ሱቁን ዘግታ ሐሙሲት እናቷ ዘንድ ልትገባ ቆርጣ ነበር።

በቴሌግራም የምትለጥፈውን ማስታወቂያ የምጽፍላት እኔ ነኝ። እጽፋለሁ ማለቴ ውሸት ነው፤ ዘውዱ ጽፎ የተወውን በየሳምንቱ እገለብጣለሁ። «ይደውሉልን፣ ሱቃችን ይምጡ፣ በውስጥ መስመር ይጻፉልን፣ ቻናላችንን ይቀላቀሉ፣ ለወዳጅ ያጋሩ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ስልክ ቁጥር። ሁለት ሺህ ሰው ያየዋል፣ አንድም ሰው አያዝም።

«ይህን ሁሉ የምታዥው ሰው የቱን ያድርግልሽ?» አልኳት አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው። የገጠር ቄስ በውስጥ መስመር አይጽፍልሽም፤ ይደውላል። ለማዘዝ ይደውሉ፣ አንድ ቁጥር፣ በቃ።»

«ዘውዱ የጻፈው ነው፤ እንዳትነኪብኝ» አለች። ተናድጄ ወጣሁ።

በማግስቱ ሱቋ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ መሪጌታ ጌጡ ለሌላ ጉዳይ ከገሳይ መጥተው ጎራ አሉ።

«ለዐሥራ ሁለት ዲያቆናት ላሰፋ ነበር፣ ልጄ። ማስታወቂያሽን ባየው የቱን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። በላይኛው ቁጥር ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ባሕር ዳር አሰፋን።»

ላይኛው የዘውዱ ነው። አላምን ብዬ እዚያው ደወልኩ። ከመሳቢያው ውስጥ፣ በጨርቅ ታፍኖ፣ የበገና ድምፅ ተነሳ። ዘውዱ በሕይወት ሳለ ከግድግዳው ማዶ ስሰማው የኖርኩት ያው ጥሪ ነው። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። መሪጌታም አማተቡ። ብዙነሽ ግን ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር።

«በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አለች። «ሲጠራ አንድ ሰው እየፈለገው ነው። ካነሳሁት ግን ሞቷል ልለው ነው።»

ስንቱ ትእዛዝ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ጠርቶ ጠርቶ ቀርቶ ይሆን!

መሪጌታ ከሄዱ በኋላ ስልኩን በጨርቁ እንደተጠቀለለ ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሌላውን ሁሉ አጥፊው። መደወል ብቻ ይሁን።»

«በየትኛው ቁጥር?» የራሷን ትለኛለች ብዬ ነበር።

«በእሱ። ካህናቱ ስልካቸው ላይ የያዙት እሱን ነው።»

«ለጥምቀት የዲያቆናት ልብስ ለማዘዝ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩት። እሷም ስልኩን ከጨርቁ ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ሰዓት ሳይሞላ በገናው ጮኸ። ሊያቋርጥ ሲል አነሳችው።

«ዘውዱ፣ እንዴት ሰነበትህ?» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ እኔ ድረስ እየተሰማ።

«ዘውዱ ሞቷል፣ አባቴ» አለች።

እንባዋን በክንዷ ጠረገችና አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጨበጠች።

«እኔ ብዙነሽ ነኝ። ለስንት ዲያቆን ልቁረጥ?»