ባለቤቴ ያልደበቀችው ክፍያ

ባለቤቴ የሠራችውን የሳሎን ቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር፣ እዚህ ዐረብ አገር ሐምሪያ የሚባለው ሰፈር እየዞርኩ የምሸጠው እኔ ነኝ። የሦስቱን ጥቅሎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ስታዘጋጅ፣ «ትልቁ ላይ ሁሉም ያልተገደበ ነው በይ» አልኳት።

«ለደንበኛ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው መልእክት በሦስቱም ለብቻው ይከፈልበታል። የት ልሸሽገው?» ብላ ከዋጋው ሥር በእኩል መጠን ፊደል ጻፈችው። ትንሹ ጥቅል ከሁለት ሠራተኛ በላይ እንደማይቀበልም ጨመረችበት።

ኻላስ፣ አበቃ፣ አንድም ሰው ሳይገዛን ገበያችን ሞተ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ባለሳሎን ወረቀቱን ተቀብላ ዓይኗን በቀጥታ የመልእክቱ ክፍያ ላይ ጣለች።

«ያለፈው ሻጭ ይህን የነገረኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሁለት ነን፣ ትንሹን ስጠኝ። ግን ወንድሜ፣ ይህን የጻፍከው አንተ አይደለህም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አፍህ ገና ስለ ትልቁ እያወራ ነዋ!»

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋ አልቆም አለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀድሜ ሰጥቼ ዝም እላለሁ።