የጋሽ ፒንሳ ገመድ

ሟቹን ኤሌክትሪሻን ሰፈሩ «ጋሽ ፒንሳ» ነበር የሚላቸው። ሌላ ባለሙያ ቤታቸውን ሲነካ ደማቸው ይፈላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ፒንሳን ሦስተኛ አድርጎ መጨመር ነበር። የኢንተርኔቱንም ገመድ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በግድግዳ ውስጥ ያሳለፉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ኔትወርክ ሠሪው ጎረቤታቸው እያለሁ!

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው አስጠሩኝ።

«መስመሩን ፈትሽልኝ» አሉ እትዬ። «ልጄ ዋሽቶ እንደሆነ ልወቅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትና ልጅ ተኳርፈው ከርመዋል። ጋሽ ፒንሳ ሊሞቱ ሲሉ፣ ሌላ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው መኝታ ቤታቸው ወዳለው ኮምፒውተር በቪዲዮ ደወለ። ሽማግሌው «ይቅር በለኝ» ማለት ሲጀምሩ ምስሉ ደርቆ ቀረ፣ ተቋረጠ። «ዘጋብኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚያው አረፉ። ልጁ «መስመሩ ነው እንጂ አልዘጋሁም» ቢል ማን ይመነው? እናቱ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሱለትም።

ከውጭ የሚመጣውን መስመር ከራውተሩ ነቀልኩት።

«ኢንተርኔቱን ነቅለህ ኢንተርኔት ልትፈትሽ?»

«ቤቱ ብቻውን ይፈተን እትዬ። ንጹሕ ከሆነ ያኔ ኢንተርኔት አቅራቢውን ድርጅት እንወቅሳለን።»

የኔን ላፕቶፕ ሳሎን ካለው ራውተር ጋር በአጭር ገመድ አገናኝቼ አንድ ትልቅ ፊልም ወደ መኝታ ቤቱ ኮምፒውተር ላክሁ። ፊልሙ ከቤት አይወጣም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ነው የሚሄደው። ቢሆንም ይንፏቀቃል፣ ይቆማል። ቀጥሎ አዲስ ገመድ መሬት ለመሬት ዘርግቼ ኮምፒውተሩን በእሱ አገናኘሁት። ያው ፊልም እትዬ ወንበር ስበው ሳይቀመጡ አለቀ።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለውን ክዳን ከፈትኩ። ጋሽ ፒንሳ ገመዱ አጥሮባቸው ቀጥለውታል፦ ሽቦዎቹን ፈታትተው፣ እንደ መብራት ሽቦ ቋጥረው፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለው። ለመብራት ቢሆን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የኔትወርክ ሽቦ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ ነው፤ እንዲህ ከተፈታ የሚያስተላልፈው ይበላሻል። አይ ጋሽ ፒንሳ! ቢጠሩኝ ምን ነበረበት? ተናደድኩባቸው፤ እንባዬም መጣ።

«ልጅዎ አልዋሸም» አልኩ።

እትዬ ቋጠሮውን አዩት። የባላቸውን እጅ ሥራ የት ቢያዩት ያውቁታል።

«በገዛ እጁ?» አሉና አልጋው ላይ ተቀመጡ። «እኔስ? ልጄን አባትህን ገድለሃል ብዬው!»

ቋጠሮውን ቆርጬ ስጥል እትዬ ከመሬት አነሱት።

አዲሱን ገመድ አሳልፌ የውጭውን መስመር ራውተሩ ላይ መልሼ እንደሰካሁ እትዬ ለልጃቸው ደወሉ። የልጁ ፊት ጥርት ብሎ መጣ።

«እማ?»

«አልዘጋህም ነበር ልጄ። ይቅር በለኝ።»

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ምስሉ አንዴም አልቆመም።

«ታዲያ ችግሩ ምን ነበር?» አለ ልጁ በመጨረሻ።

እትዬ ቋጠሮውን በጭብጣቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞር አሉ። መሣሪያዎቼን ወደ ቦርሳዬ መክተት ጀመርኩ።

«ከውጭ ነው፤ ከድርጅቱ» አሉት። «አባትህ የሠራው መቼ እንከን ይወጣለታል?»